«ፕሮክሲማል» «ላይኛው» አይደለም፤ የክንድ አጥንቶችን አንቀጽ ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

ጥያቄ፦ «የጤና ረዳት ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ስላሉት ሁለት አጥንቶች፣ ስለ ራዲየስና ስለ አልና፣ የሚናገር አንድ የአናቶሚ መጽሐፍ አንቀጽ ወደ አማርኛ እየመለስኩላቸው ነው። ፕሮክሲማልን ላይኛው፣ ዲስታልን ታችኛው ብዬ ነበር፤ ባልደረባዬ ግን ስህተት ነው አሉኝ። ታዲያ ቅርብና ሩቅ ልበል? የአካል ክፍሎቹን ስምስ ልተርጉም ወይስ እንዳለ ልተው?»

ምላሽ፦

ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። በክንድና በእግር ፕሮክሲማል የሚባለው ክፍሉ ከግንደ አካል ጋር ለሚያያዝበት ቦታ የቀረበው ሲሆን፣ ዲስታል ከዚያ የራቀው ነው። ይሁንና «ላይኛው»ን ሰርዘው «ቅርብ»ን ብቻውን ቢያስገቡ ስህተቱ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱም የሚያሳስቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ቦታው ከምን አንጻር እንደሚለካ አይናገሩም፤ አንባቢውም የጎደለውን በራሱ ግምት ይሞላል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ጽሑፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጤና ረዳቶች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ያደልኩት ትርጉም «የራዲየስ ላይኛው ጫፍ» ይል ነበር። አንዲት ሠልጣኝ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ እጇን ወደ ላይ አቁማ ታነባለች። ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት እንድታደርግበት ስጠይቃት፣ በእጇ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቷ በኩል ነጥብ አኖረች። አጠገቧ የተቀመጠው ሠልጣኝ እጁን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ ስለነበር ከክርኑ ዝቅ ብሎ ምልክት አደረገ። ሁለቱም ያነበቡትን በሚገባ ተረድተው ነበር። የእሷ አጥንት በዚያች ሰዓት ላይ የነበረው ጫፍ በእርግጥም የአንጓው ነው፤ የእሱ ደግሞ የክርኑ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዎችን ወደ አንድ ዓይነት አጥንት ሁለት ተቃራኒ ጫፎች መራቸው።

«ለዚህ እኮ የአናቶሚ አቋም የሚባል ስምምነት አለ» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ በአናቶሚ የሰውነት አቅጣጫዎች ሁሉ የሚነገሩት ሰውየው ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ፊቱን ወደ ፊት እንዳቀና፣ ክንዶቹን በጎንና በጎኑ እንደዘረጋ፣ መዳፎቹም ወደ ፊት እንደዞሩ፣ በዚህም አውራ ጣቶቹ ወደ ውጭ እንደሆኑ ተቆጥሮ ነው። በዚያ አቋም ላይ ፕሮክሲማል የሆነው የክንድ ጫፍ ላይኛውም ነው። ነገር ግን የእርስዎ ተማሪዎች የሚያገኙት ሕመምተኛ አልጋ ላይ የተኛ፣ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወይም ደም እየፈሰሰው እጁን ወደ ላይ ያነሳ ሰው ነው። ፕሮክሲማልና ዲስታል የሚባሉት ቃላት ለክንድና ለእግር ከላይና ከታች ተለይተው የተሰጡት፣ እነዚህ የሰውነት ክፍሎች በየጊዜው ስለሚታጠፉ፣ ስለሚነሱና ስለሚዞሩ ነው። ተርጓሚው «ላይኛው» ሲል ቃሉ የተፈጠረበትን ጥቅም ያጠፋዋል።

በተለይ ደምን ለማቆም የሚታሰረው ማሰሪያ የሚነገርበት ቦታ ላይ ይህ ጥፋት ክብደት አለው። መመሪያው ማሰሪያው ከቁስሉ ፕሮክሲማል በሆነ በኩል፣ ከቁስሉ ጠርዝ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ እንዲታሰር ያዛል፤ ይህም ከልብ የሚመጣው ደም ቁስሉ ጋ ሳይደርስ እንዲቋረጥ ነው። «ከቁስሉ በላይ እሰር» ተብሎ ቢተረጎም፣ ክንዱን ወደ ላይ ባነሳ ሰው ላይ «በላይ» ያለው የጣቶቹ ወገን ነው፤ በዚያ በኩል የታሰረ ማሰሪያ ደግሞ ደሙን አያቆምም። ከዚህም በተጨማሪ «ከቁስሉ ላይ» የሚለውን አንዳንድ ሰው ቁስሉን ራሱን ሸፍኖ ማሰር አድርጎ ይረዳዋል።

አሁን ወደ «ቅርብ» እንምጣ። በአማርኛ «ቅርብ» እና «ሩቅ» ያለ ማሟያ ሲነገሩ መለኪያቸው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ራሱ ነው። «ሱቁ ቅርብ ነው» ስንል ለእኛ፣ አሁን ከቆምንበት ቦታ ማለታችን ነው፤ «የቅርብ ዘመድ» ስንልም ለባለጉዳዩ የቀረበ ማለት ነው። እንግዲህ ተማሪዎ ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሕመምተኛው ክንዱን ወደ እሱ ዘርግቶለት ሳለ «የራዲየስ ቅርብ ጫፍ» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ፣ ለእሱ የሚቀርበው ጫፍ የአንጓው ነው፤ መጽሐፉ የሚያወራው ግን ስለ ክርኑ ጫፍ ነው። ቃሉ በመዝገበ ቃላት ደረጃ ትክክል ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ ማለት ነው። የፕሮክሲማል የላቲን ሥር የሆነው ፕሮክሲሙስ «እጅግ የቀረበ» ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ተርጓሚ ወደ «ቅርብ» መሄዱ አያስገርምም፤ የአናቶሚ ሊቃውንት ግን ለቃሉ መለኪያ ነጥብ በስምምነት ሰጥተውታል፤ የአማርኛው «ቅርብ» ያ ስምምነት የለውም።

ያ መለኪያ ነጥብ መነሻው ነው። በክንድና በእግር መነሻው ክፍሉ ከግንደ አካል ጋር የሚያያዝበት ቦታ ነው፤ ለክንድ ትከሻ፣ ለእግር ዳሌ ማለት ነው። በደም ቅዳ መነሻው ልብ ነው። በምግብ መተላለፊያ መነሻው አፍ ነው፤ ስለዚህ ከትንሹ አንጀት ለጨጓራ የቀረበው ክፍል ፕሮክሲማል ሲባል ወደ ትልቁ አንጀት የተጠጋው ዲስታል ይባላል። ቃሉ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንድ ነገር ይላል፦ «በዚያው አካል ላይ ከሌላው ነጥብ ይልቅ ለመነሻው የቀረበ»። ስለዚህ እኔ በትርጉም ሥራዬ ፕሮክሲማልን «መነሻ ቅርብ»፣ ዲስታልን «መነሻ ሩቅ» እላለሁ። ቅርበቱ ለማን እንደሆነ በራሱ በቃሉ ውስጥ ስላለ ተማሪው መገመት አይኖርበትም፤ የተኛም የቆመም፣ እጁን ያነሳም ያወረደም ሰው ላይ አንድ ቦታ ይጠቁማል።

ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገቡ ሁለት ዓይነት አጠቃቀሙን ይለዩ። የአንድ አጥንት ጫፍ ስም ሲሆን «የራዲየስ መነሻ ቅርብ ጫፍ» ተብሎ እንደ ቅጽል ይገባል። የሁለት ቦታዎች ንጽጽር ሲሆን ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይሻላል፤ «ክርን ከእጅ አንጓ ይልቅ ለመነሻው ይቀርባል» ወይም «ስብራቱ ከእጅ አንጓ በመነሻ ቅርብ በኩል ነው» ይባላል። ለሁለተኛው ዓይነት ርቀቱን በሳንቲ ሜትር መጨመር ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ቃል በላይ ይረዳል። አንድ የሚጋጭ ነገር ግን አለ፦ አንቀጹ ስለ ጡንቻ መናገር ሲጀምር፣ ጡንቻው ከአጥንት ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ቦታዎች በተለምዶ መነሻና መድረሻ ተብለው ይተረጎማሉ፤ ያኔ «መነሻ» ሁለት ሥራ ይሸከማል። እኔ ለጡንቻው «ቋሚ መያያዣ» እና «ተንቀሳቃሽ መያያዣ» ብዬ ግጭቱን አስወግዳለሁ፤ ትርጓሜያቸውም ይኸው ነው፣ ጡንቻው ሲኮማተር አንደኛው ጫፍ በቦታው ሲቆይ ሌላው ይሳባል።

ፕሮክሲማልና ዲስታልን እንዳሉ በፊደላችን ጽፎ መተው ይበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። ተማሪዎችዎ ነገ በሕመምተኛ ካርድ ላይ፣ በራጅ ውጤት ላይ የሚያገኙት ፕሮክሲማልና ዲስታልን ነው። ስለዚህ ቃላቱ መጀመሪያ በሚነሱበት ቦታ «መነሻ ቅርብ፣ በሕክምና ቋንቋ ፕሮክሲማል የሚባለው» ብለው አንድ ጊዜ ያስተዋውቋቸው። ከዚያ በኋላ ግን በጽሑፉ ሁሉ አማርኛውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ተማሪው አንድን እንግዳ ድምፅ በቃሉ ይዞ ትርጉሙን ሳይጨብጥ መጨረሻው ድረስ ሊያነብ ይችላልና።

ስለ አካል ክፍሎች ስም የጠየቁት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ችግሩ የቃል እጥረት ሳይሆን የወሰን ልዩነት ነው። አማርኛ «እጅ» ሲል ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ሊል ይችላል፤ ከአንጓ ወዲያ ያለውን ብቻም ሊል ይችላል። «እጄን ተሰበርኩ» ያለ ሰው የትኛውን አጥንት እንደተሰበረ ከንግግሩ አይታወቅም። «ክንድ» ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ክትባት የተከተበ ሰው «ክንዴን ተወጋሁ» ሲል ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን ማለቱ ነው። ጨርቅ በክንድ የሚለካ ሰው ግን ከክርኑ ጀምሮ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ይለካል፤ ይህ ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። የመጽሐፉ አናቶሚ ደግሞ ሁለቱን በሁለት የተለያዩ ስሞች ይጠራቸዋል፤ ለአንደኛው የሚሰጠውን ስም ለሌላው ፈጽሞ አይሰጥም። እርስዎ ሁለቱንም «ክንድ» ካሏቸው ተማሪው ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን አጥንት ሂዩመረስንና ከክርን በታች ያለውን ራዲየስን በአንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል።

እኔ ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን «ላይኛው ክንድ»፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለውን «ታችኛው ክንድ»፣ ከአንጓ ወዲያ ያለውን ብቻ «እጅ» እላለሁ፤ «እጅ»ን ለሙሉው አልጠቀምበትም። እዚህ ላይ «ላይኛው» እና «ታችኛው» መመለሳቸው ከቀደመው ሐሳቤ ጋር የሚጋጭ ይመስል ይሆናል። አይጋጭም፤ እነዚህ የቦታ ስሞች ናቸው፤ እንደ «ላይኛው ከንፈር» ሰውየው በየትኛውም አቅጣጫ ቢተኛ ስማቸው አይለወጥም። «የራዲየስ ላይኛው ጫፍ» ግን የቦታ ስም ሳይሆን የአቅጣጫ ገለጻ ሆኖ ይሰማል። ይህን ልዩነት ለተማሪዎችዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሯቸው መልካም ነው። እግርም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው፤ ጭን ግልጽ ነው፣ ከጉልበት በታች ላለው ግን «ባት» ብለው አይተርጉሙ፤ ባት የኋለኛው ሥጋማ ክፍል ብቻ ነው።

የትኛውን ስም ልተርጉም፣ የትኛውን ልተው ላሉት የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ሰው ሁሉ በገዛ ሰውነቱ ላይ በጣቱ ሊያሳየው ለሚችለው ክፍል አማርኛ ስም አለው፤ ያንን መተው ተማሪውን ያለ ምክንያት ማራቅ ነው። ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ መዳፍ፣ አውራ ጣት፣ ብብት፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት ሁሉም ይበቃሉ። ከቆዳ ሥር ያሉትና ሕዝቡ ለይቶ ስም ያላወጣላቸው ነጠላ አጥንቶች ግን፣ ራዲየስ፣ አልና፣ ሂዩመረስ፣ በላቲን ስማቸው በፊደላችን ይጻፉ። ለራዲየስ «የአውራ ጣት ወገን አጥንት» የሚል ገለጻ አንድ ጊዜ መስጠት ይጠቅማል፤ ስም አድርጎ ሁልጊዜ መጠቀም ግን ተማሪውን ወደ ጣቱ አጥንቶች ይወስደዋል። የሆሄውን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ገጽ ወስነው አይለውጡት፤ በአንድ ገጽ ራዲየስ፣ በሌላው ሬዲየስ ቢሉ ጀማሪ ተማሪ ሁለት አጥንት አድርጎ ይይዘዋል። ሌላው የማስጠነቅቅዎ «ብልት» የሚለውን ቃል ነው። በቀድሞው ጽሑፍ «ብልት» ማንኛውም የአካል ክፍል ነበር፤ የዶሮን 12 ብልት ስንል ዛሬም በዚያው ትርጉም ነው። ስለ ሰው ሲነገር ግን የዛሬ ተማሪ አእምሮ በቀጥታ ወደ መራቢያ አካል ይሄዳል፤ ስለዚህ «የአካል ክፍል» ይበሉ።

ከመነሻ ቅርብና መነሻ ሩቅ ውጭ አንቀጽዎ ውስጥ የሚያጋጥምዎ ዋናው አቅጣጫ ላተራል ነው፤ ብዙ ተርጓሚ የሚወድቀውም እዚያ ነው። ላተራልን «ውጭ» ብለው «ራዲየስ ከአልና ውጭ ይገኛል» ቢጽፉ፣ አማርኛ አንባቢ የሚረዳው «ከአልና በስተቀር» ወይም «ከአልና ተለይቶ» ነው። ሚዲያልን «ውስጥ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ «ከራዲየስ ውስጥ» በአጥንቱ ሆድ ውስጥ፣ በቅልጥሙ ያለ ነገር ያስመስላል። እዚህም መድኃኒቱ ያው ነው፣ መለኪያውን ማስገባት። የዚህ ጥንድ መለኪያ ሰውነትን ከአናት እስከ እግር ቀኝና ግራ የሚከፍለው የመሃል መስመር ነው፤ ስለዚህ ሚዲያል «ለመሃል መስመር የቀረበ»፣ ላተራል «ከመሃል መስመር ወደ ጎን የራቀ» ይሆናል፤ አጠር ሲል «ወደ መሃል» እና «ወደ ጎን»። በታችኛው ክንድ ላይ ደግሞ ከዚህም የሚያስተማምን አለ፦ «በአውራ ጣት ወገን» እና «በትንሿ ጣት ወገን»። መዳፉ ወዴትም ቢዞር አውራ ጣት ራዲየስ በሚያልቅበት በኩል ነው።

«ላይ» እንደገና የሚመጣበት ሌላ ቦታም አለ። «ደም ሥሩ ከጡንቻው ላይ ነው» የሚል ትርጉም ሁለት ፍቺ አለው፤ ወደ ራስ በኩል ከፍ ብሎ ያለ፣ ወይም በጡንቻውና በቆዳው መካከል ያለ። መጽሐፉ ሁለተኛውን ማለቱ ከሆነ «ከጡንቻው ይልቅ ለቆዳ የቀረበ» ይበሉ፤ ተቃራኒው «ከጡንቻው ሥር» ይባላል፣ ይህ ጥሩ አማርኛ ነው። «ፊተኛ» እና «ኋለኛ» የሚሉትንም ለአንቲሪየርና ለፖስቲሪየር አይመርጧቸው፤ ለጆሯችን መጀመሪያና መጨረሻ ማለት ናቸው። «የፊት ገጽ» እና «የኋላ ገጽ» ይበቃሉ።

አሁን አንቀጹን ራሱን እንየው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሳይኖርዎት አይቀርም፤ ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ቀን የምንጽፈው ነው፦

«ራዲየስ ከአልና ውጭ ያለ የክንድ አጥንት ነው። ላይኛው ጫፉ ራስ ሲባል ትንሽ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ሰፊ ነው። አልናም ራስ አለው። እጅ ሲገለበጥ ራዲየስ አልናን ያቋርጠዋል።»

ከዚህ ውስጥ ከላይ ካነሳኋቸው የተለየ አንድ ወጥመድ አለ፤ እሱም «ራስ» ነው። ራስ በአማርኛ የላይኛው፣ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ የራዲየስ ራስ በክርን በኩል መሆኑን ያነበበ ተማሪ የአልናም ራስ እዚያው አጠገቡ እንደሚሆን ያለ ጥርጥር ይገምታል። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው። የራዲየስ ራስ መነሻ ቅርብ ጫፉ ላይ፣ የአልና ራስ መነሻ ሩቅ ጫፉ ላይ ነው። አልና በክርን በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ አንጓ እየቀጠነ ሲሄድ፣ ራዲየስ በክርን በኩል ቀጭን ሆኖ ወደ አንጓ እየሰፋ ይሄዳል፤ ራስ የሚባለውም በሁለቱም ላይ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ክፍል ነው። «አልናም ራስ አለው» ብሎ ማለፍ ስለዚህ አይቻልም። የመጽሐፉ ጸሐፊ አንባቢው ሥዕሉን ያያል ብሎ ያሳጠረውን ተርጓሚው መሙላት ይኖርበታል።

ሌላው «እጅ ሲገለበጥ» የሚለው ነው፤ ወዴት ተገለበጠ? ፕሮኔሽን የሚባለው እንቅስቃሴ ከአናቶሚ አቋም ተነስቶ መዳፉ ወደ ኋላ የሚዞርበት ነው፤ ክርን ታጥፎ ከሆነ ደግሞ መዳፉ ወደ መሬት ይዞራል። ተቃራኒው ሱፒኔሽን ነው። እኔ ለተማሪዎች የምሰጠው ምልክት አንዱ እሳት ለመሞቅ የተዘረጋ እጅ፣ ሌላው እህል ለመቀበል የተዘረጋ እጅ ነው፤ ማንም አይሳሳትባቸውም። በእህል ተቀባዩ እጅ ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ በእሳት የሚሞቀው እጅ ላይ ራዲየስ አልናን አቋርጦ ተኝቷል።

እንግዲህ የኔ ትርጉም ይህን ይመስላል፦

«ራዲየስ በታችኛው ክንድ ካሉት ሁለት አጥንቶች በአውራ ጣት ወገን ያለው ነው፤ በአናቶሚ አቋም ሲታይ ከአልና ወደ ጎን ይገኛል። መነሻ ቅርብ ጫፉ ትንሽና ክብ ነው፤ የራዲየስ ራስ ይባላል፤ ክርን ውስጥም ከላይኛው ክንድ አጥንት ከሂዩመረስ ጋር እና ከአልና ጎን ጋር ይጋጠማል። መነሻ ሩቅ ጫፉ ሰፊ ነው፤ ከእጅ አንጓ አጥንቶች ጋር ይጋጠማል። በአልና ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወፍራሙ ጫፍ መነሻ ቅርብ የሆነው ሲሆን፣ የአልና ራስ የሚባለው ትንሹና ክቡ ክፍል በመነሻ ሩቅ ጫፉ ላይ ነው። ክርን ታጥፎ መዳፍ ከሰማይ ወደ መሬት ሲዞር፣ የራዲየስ ራስ ቀለበት በሚመስል ጅማት ታቅፎ በቦታው ይሾራል፤ መነሻ ሩቅ ጫፉ ግን እጅን ይዞ አልናን ይሻገራል።»

ከመጀመሪያው ረቂቅ ይረዝማል፤ ይርዘም። የአናቶሚ እንግሊዝኛ አጭር የሆነው ቃላቱ ሁሉ አስቀድመው በስምምነት ስለተገለጹ ነው፤ አማርኛችን ለዚህ ትምህርት ያንን ስምምነት ገና እየሠራ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መግለጫውን ይሸከማል። አንድ ቦታ ብቻ ልብ ይበሉ፦ «ጅማት» የሚለውን ተጠቅሜያለሁ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጅማት ይላል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ብቻ ስለሆነ አይምታታም፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ከመጡ ግን የሚያያይዙትን ነገር እየጠቀሱ ይለዩዋቸው።

ትርጉሙ መሥራቱን የሚያውቁበት መንገድ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ማስተርጎም አይደለም። «ላይኛው ጫፍ» እንኳ መልሶ ሲተረጎም ትክክል መስሎ ይመጣል፤ መላሹ አናቶሚ የሚያውቅ ከሆነ ስህተቱን ሳያስተውል ያርመዋል። ይልቁንም አንቀጹን ገና ላላነበቡ ሁለት ተማሪዎች ይስጡ፤ አንዱ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ እጁን ወደ ላይ ያቁም፣ ሌላው እጁን ያንጠልጥል፤ ሁለቱም ያለ ምንም ማብራሪያ የራዲየስን ራስና የአልናን ራስ በገዛ ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ያመልክቱ። ከዚያ በጣት ያረጋግጡ። ተማሪው ክርኑን አጥፎ፣ የሌላ እጁን ጣት ከክርኑ ጎን፣ በአውራ ጣት ወገን ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አድርጎ መዳፉን ወደ ሰማይና ወደ መሬት እያፈራረቀ ሲያዞር፣ ከጣቱ ሥር የሚሾር ክብ አጥንት ይሰማዋል፤ የራዲየስ ራስ እሱ ነው። የአልና ራስ ደግሞ መዳፍ ወደ መሬት ሲዞር በእጅ አንጓው ጀርባ፣ በትንሿ ጣት ወገን ጎልታ የምትታየው ጉብታ ናት። የሁለቱም ተማሪዎች ነጥብ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ካረፈ ጽሑፉ ለመታተም ደርሷል። የአንዱ ብቻ ከሳተ፣ የሳተውን ተማሪ የትኛዋ ቃል እዚያ እንደወሰደችው ይጠይቁትና ያቺን ቃል ብቻ ይለውጡ፤ ብዙ ጊዜ ሳላስተውል ያመለጠችኝ አንዲት «ላይ» ሆና አግኝቻታለሁ።